ሁሉም «1» የሆነበት ጥርት ያለ ምስል

ተረት፦ «ጋን ያወጣው ምስል ጥርት ካለ ሥልጠናው ተሳክቷል።»

እውነታው፦ ኤምኒስት የሚባለውን የእጅ ጽሑፍ አሃዞች ስብስብ እንውሰድ። ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው 60,000 የሥልጠና ምስሎች አሉት። ጋኑን በእነዚህ አሠልጥናችሁ 64 ምስል ስታስወጡ ሁሉም ጥርት ብለው፣ ግን «1» እና «7» ብቻ ሆነው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ሞድ ኮላፕስ የሚባለው ይህ ነው። አንድ በአንድ ስታዩአቸው እንከን የላቸውም፤ ጉዱ የሚወጣው ሲቆጠሩ ነው።

ኢያን ጉድፌሎውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረቡት ጋን ሁለት ኔትወርኮች ይፋለማሉ። ጀነሬተሩ ምስል ይሠራል፤ ዲስክሪሚኔተሩ እንደ ዳኛ ሆኖ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለያል። ጀነሬተሩ የሚመዘነው ዳኛውን በማታለሉ ብቻ ስለሆነ «8 የት አለ?» ብሎ በቀጥታ የሚጠይቀው የለም። ዳኛው ለጊዜው በ«1» የሚሸወድ ከሆነ ያንኑ እየደጋገመ ያቀርብለታል። ዳኛው ሲነቃበት ወደ «7» ይሸሻል፤ እዚያም ሲያዝ ሌላ ይፈልጋል። ድብብቆሹ እንዲህ እየዞረ ሊቀጥል ይችላል።

ተረት፦ «ሎሱ ከወረደ ሞዴሉ ተሻሽሏል።»

እውነታው፦ በጋን ሎስ የሚለካው የዛሬውን ተፋላሚ አቅም ተመርኩዞ ነው። የጀነሬተሩ ሎስ የወረደው ዳኛው ስለደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሎሱን ግራፍ ትታችሁ ቁጠሩ። 10,000 ምስል አስወጡና አሃዝ ለመለየት ለብቻው በሠለጠነ ሞዴል አስለዩ። ከየአሃዙ 1,000 ገደማ መገኘት አለበት። «8» አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ከመጣ፣ ግራፉ ምንም ቢያምር ሞዴሉ ወድቋል። እኔ እንዲያውም ግራፉ በጣም ሲያምር ነው የምጠራጠረው።

ተረት፦ «ቪኤኢ ብዥ ይላል እንጂ እንዲህ አይወድቅም።»

እውነታው፦ ግማሹ ልክ ነው። ቫሪየሽናል አውቶኢንኮደር እያንዳንዱን የሥልጠና ምስል ወደ አጭር ኮድ ለውጦ መልሶ መሥራት አለበት። «8»ን ከዘለለ ይቀጣል፤ ስለዚህ በቀላሉ አይዘልም። እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ ግን የአማራጮቹን አማካይ ይወስዳል፤ ብዥታው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሥልጠናው ግብ ግን ሌላም ክፍል አለው። ኬኤል የሚባለው ቅጣት ኮዱ ከተለመደው የኖርማል ስርጭት እንዳይርቅ ይጎትተዋል። ዲኮደሩ በጣም ጠንካራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀጣዩን ቃል ካለፉት ቃላት እየገመተ የሚጽፍ ከሆነ፣ ያለ ኮዱም ሥራውን ይወጣል። ያን ጊዜ ኮዱ ባዶ ይሆንና ኬኤሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ኮዱን ብትቀያይሩትም በውጤቱ ላይ ለውጥ አይታይም። ይህ ውድቀት ፖስቴሪየር ኮላፕስ ይባላል። የኬኤሉን ክብደት ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያሉ ማሳደግ ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም።

ቪኤኢ የምታሠለጥኑ ሁሉ ኬኤሉን ከጠቅላላው ሎስ ለይታችሁ መዝግቡ፤ ድምሩ ውስጥ ከተቀላቀለ ዜሮ መግባቱን አታዩትም።