የተረፈ ሩዝ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ዳሩ እየፋጀ መሀሉ ለምን ይቀዘቅዛል?

ከትናንት የተረፈ ሩዝ ማይክሮዌቭ ውስጥ ለ1 ደቂቃ አሙቃችሁ ስትቀምሱት ዳር ዳሩ ምላስ ያቃጥላል፣ መሀሉ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ይሄ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በደንብ ያልሞቀው ቦታ ላይ ባክቴሪያ ሳይሞት ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ ግን ሩዙ የት እንዳደረ እዩ። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴረስ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ስፖር የሚባለው ጠንካራ ዘሩ ሩዙ ሲቀቀልም አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለሰዓታት ከፍሪጅ ውጪ ሲቆይ ስፖሩ ነቅቶ ይራባል፤ የሚያስታውክ መርዝም ያመነጫል። መርዙ ደግሞ በሙቀት አይጠፋም፣ ደግማችሁ ብታፈሉትም እዚያው ነው። ስለዚህ ድስት ውስጥ እንዳለ ውጪ ያደረ ሩዝ፣ ሽታውና ጣዕሙ ባይቀየርም መደፋት አለበት። ለማሞቅ የሚሆነው ከበሰለ 2 ሰዓት ሳይሞላው ሰፋ ባለ ዕቃ ስስ ተደርጎ ፍሪጅ የገባው ነው። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እንዲህ የተቀመጠውንም በ24 ሰዓት ውስጥ ብሉት ይላል።

አሁን 2 ኩባያ ሩዝ በ800 ዋት ማይክሮዌቭ እናሙቅ።

ሩዙን ጎድጎድ ባለ ሳህን አድርጋችሁ የተጓጎለውን በሹካ በትኑት። መሀሉን ክፍት ትታችሁ ወደ ዳር አስጠጉት፤ ማይክሮዌቭ መሀል ላይ ያለውን ምግብ የሚያሞቀው ዘግይቶ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አርከፍክፉበትና ለማይክሮዌቭ በሚሆን ክዳን ሳታጠብቁ ክደኑት። እንፋሎቱ ውስጥ ሲቀር ሩዙ አይደርቅም፣ ሙቀቱም ወደ ሁሉም ቦታ ይደርሳል።

«Power» የሚለውን ተጭናችሁ 70 በመቶ ላይ አድርጉት፤ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው ደግሞ 7 ላይ። ብዙዎቹ ማይክሮዌቮች ኃይል ሲቀነስላቸው የሚሠሩት በርታ ጠፋ እያሉ ነው። ጠፋ ሲል የዳሩ ሙቀት ወደ መሀል ለመሄድ ጊዜ ያገኛል።

2 ደቂቃ አሙቁት፣ አውጡና ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ አማስሉት። ይሄን አትዝለሉ፤ የሚሽከረከረው ሳህን ሩዙን ያዞረዋል እንጂ አያማስለውም። ከዚያ 2 ደቂቃ ጨምሩለትና ሳትከፍቱ 1 ደቂቃ ይቀመጥ። ማይክሮዌቫችሁ ከ800 ዋት በታች ከሆነ ወይም ሩዙ ከበዛ በየ30 ሰከንዱ እየጨመራችሁ እያማሰላችሁ ሂዱ።

መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ መሀሉ 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት። ከሌላችሁ መሀሉን በማንኪያ ግለጡት፤ ከሁሉም ቦታ እንፋሎት በደንብ መውጣት አለበት። ዳሩ ብቻ ከጨሰ አማስላችሁ መልሱት።

አንዴ ያሞቃችሁትን መልሳችሁ ፍሪጅ አታስገቡ። የምትበሉትን ያህል ብቻ አሙቁ።