የስትሪፕ መብራት ጫፉ ለምን ይደበዝዛል?

በሳሎን ጂብሰም ዙሪያ የተዘረጋ የኤልኢዲ ስትሪፕ ሲበራ መነሻው ደምቆ ጫፉ ፈዝዞ ከታየ፣ ብዙዎች የሚጠረጥሩት ፓወር ሰፕላዩን ነው። «አቅሙ አንሷል፣ ተለቅ ያለ ይገዛ» ይባላል። ተለቅ ያለው ተገዝቶም ግን ጫፉ እንደፈዘዘ ይቀራል፤ የፓወር ሰፕላይ አቅምና በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸውና።

መጀመሪያ አቅሙን እናስላ። ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ስትሪፕ አለን እንበል። ማሸጊያው ላይ በሜትር 14.4 ዋት ከተጻፈ፣ በጠቅላላው 144 ዋት ይፈልጋል። ፓወር ሰፕላይ ዘወትር በሙሉ አቅሙ ከሠራ ስለሚግልና ዕድሜው ስለሚያጥር፣ የአቅሙን 80 በመቶ ያህል ብቻ ቢሸከም ይመረጣል። 144ን ለ0.8 ስናካፍል 180 ይመጣል፤ ስለዚህ የ200 ዋቱ ይበቃል።

አሁን ወደ ድብዘዛው እንምጣ። 144 ዋት በ12 ቮልት ሲሠራ 12 አምፔር ይስባል። ሁለት ባለ 5 ሜትር ጥቅሎች ጫፍ ለጫፍ ከተቀጠሉ፣ ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚገባው በመጀመሪያው ጥቅል ላይ ባለው በጣም ስስ መዳብ ነው። መዳቡ ኤሌክትሪኩን ስለሚቋቋም ቮልቴጁ በየሜትሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ለማረጋገጥ መብራቱ በርቶ ሳለ መነሻውንና ጫፉን በቴስተር ይለኩ። መነሻው ላይ 12፣ ጫፉ ላይ 10 ቮልት ካሳየ ችግሩ ስትሪፑ ላይ ነው። መነሻው ራሱ ከ12 በጣም ከወረደ ግን ፓወር ሰፕላዩን ወይም ወደ ስትሪፑ የሚወስደውን ሽቦ ይፈትሹ።

መፍትሔው ጥቅሎቹን አለመቀጠል ነው። እያንዳንዱ 5 ሜትር ከፓወር ሰፕላዩ የራሱ ሽቦ ይሳብለት፤ ያኔ እያንዳንዱ የሚስበው 6 አምፔር ብቻ ይሆናል። የሽቦው ውፍረትም ወሳኝ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 5 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ፣ ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 1 ቮልት ያህል ያጠፋል፤ ባለ 2.5 ግን 0.4 ቮልት ገደማ። ፓወር ሰፕላዩን በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ማስቀመጥ ደግሞ መንገዱን ያሳጥራል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ማስተካከያ አዙሮ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ አይመከርም፤ ጫፉ ቢደምቅም መነሻው ላይ ያሉት አምፖሎች ከልክ በላይ ይግላሉ።

ስትሪፑን ገና ካልገዙ ባለ 24 ቮልቱን ይምረጡ። ለተመሳሳይ ዋት የሚስበው አምፔር ግማሽ ስለሆነ፣ በመንገድ የሚጠፋው ቮልቴጅም ያንሳል። ነገር ግን የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ከ12 ቮልት ስትሪፕ ጋር ከተገናኘ ስትሪፑ ይቃጠላል።

የ220 ቮልቱን መስመር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉ። ፓወር ሰፕላዩም አየር በሚያገኝበትና እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ጂብሰሙ ከመዘጋቱ በፊት መብራቱን አብርተው ጫፉን ይለኩ፤ ከተዘጋ በኋላ ሽቦ መጨመር ኮርኒስ ማፍረስን ይጠይቃል።