ሦስት መስመር እስኪቀር

«ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ፤ እስቲ እየው» ብሎ ሙሉ ኮዱንና ሙሉ ፋይሉን የሚልክ ሰው ለባልደረባው የሚሰጠው ጥያቄ ሳይሆን ሥራ ነው። ተቀባዩ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ መረዳት አለበት፤ ከዚያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ማስነሣት፤ ከዚያ ደግሞ ስህተቱ እሱም ጋ መከሰቱን ማየት። ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ከመጠየቃቸው በፊት ችግሩን የማይነካውን ሁሉ ቆርጠው ይጥላሉ። የሚቀረው ማንም ሰው አስኪዶ ያንኑ ስህተት የሚያይበት ትንሽ ኮድ ነው።

አንድ እድር እንውሰድ። ገንዘብ ያዡ የአባላቱን ስም፣ ስልክና የከፈሉትን የወር ብዛት በፋይል ይመዘግባሉ እንበል፤ 2,400 መስመር ነው። አንዲት ወጣት ደግሞ ይህን አንብቦ ሒሳቡን የሚደምር ፕሮግራም በፓይተን ጽፋላቸዋለች። ለወራት ሲሠራ የቆየው ፕሮግራም አንድ ቀን «ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ቆመ። ከዚህ ሌላ የሚለው የለም።

ልጅቷ ከፋይሉ ጀመረች። ለሁለት ከፈለችውና የመጀመሪያውን 1,200 መስመር ብቻ ሰጠችው፤ ሠራ። ስለዚህ ችግሩ ያለው በሁለተኛው ግማሽ ነው፤ እሱንም ለሁለት ከፈለችው። በዚህ መንገድ 2,400 መስመር ቢበዛ በ12 ጊዜ ወደ አንድ መስመር ይወርዳል። ሁለቱም ግማሾች ቢወድቁ እንኳ አይቸግርም፤ አንዱን ይዞ መቀጠል ነው። በመጨረሻ የቀረው መስመር የወር ብዛቱ «፭» ተብሎ የተጻፈበት ነበር። ለካስ አንድ ሰው የግእዝ ቁጥር መጠቀም ጀምሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አገኘሁት» ብሎ ይቆማል። ግን ያልተፈታ ነገር አለ፦ ኮዱ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት በ`isdigit` አሃዝ መሆኑን ይጠይቃል፤ ካልሆነ መስመሩን ያልፈዋል። ታዲያ «፭» እንዴት አለፈ? አሁን የሚቀነሰው ኮዱ ነው። የመስኮቱ ገጽታ ወጣ፤ ፋይል መክፈቱ ወጣ፤ ስህተትን ሁሉ ይዞ በዚያ ባዶ መልእክት የሚተካው ክፍልም ወጣ። (በእኔ ግምት መጀመሪያ መውጣት የነበረበት ይህ ነው፤ እውነተኛውን ስህተት ደብቆ ያቆየው እሱ ነውና።) ከእያንዳንዱ ቅነሳ በኋላ እንደገና ማስኬድ ግድ ነው። ስህተቱ ከጠፋ የመጨረሻው የተነሣው ነገር ጉዳዩ ውስጥ አለበት ማለት ነው፤ ይመለሳል። የተለየ ስህተት ከመጣ ደግሞ ሌላ ችግር እያሳደድን ነው። የቀረው ይህ ነው፦

```python
s = "፭"
print(s.isdigit())
print(int(s))
```

ሲሄድ መጀመሪያ `True` ይላል፤ ቀጥሎ `ValueError: invalid literal for int() with base 10: '፭'` ብሎ ይወድቃል። አንዱ ትእዛዝ «አሃዝ ነው» ሲል ሌላው «ቁጥር አላደርገውም» ይላል። የአባል ስም የለበትም፣ ስልክ የለበትም፤ ባልደረባዋ ገልብጦ በደቂቃ ውስጥ ያስኬደዋል።

ይህ ቅነሳ በማሽንም ይሠራል። ጀርመናዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ አንድሪያስ ዜለርና ባልደረባው፣ ሲታተም የሞዚላን ብራውዘር ይጥል የነበረን የ896 መስመር ድረ ገጽ በዚህ ዓይነት ዘዴ ወደ አንዲት `<SELECT>` አውርደውታል።

ባልደረባዋ ሦስቱን መስመሮች አይቶ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ «`isdigit` የሚያየው የዩኒኮድን ሠንጠረዥ ነው፤ እዚያ ከ፩ እስከ ፱ አሃዝ ተብለው ተመዝግበዋል። `int` የሚቀበለው ግን እንደ 0 እስከ 9 ባሉ አሃዞች፣ በቤታቸው ዋጋ የሚጻፍ ቁጥር ብቻ ነው። `isdecimal` ብትይው አይወድቅም።»

እውነት ነው፤ አይወድቅም። ግን «፭» እንዲያው ይታለፋል፣ የአምስት ወር ክፍያም ከድምሩ ይጎድላል። ኮዱ ትንሽ ስለሆነ ልጅቷ በ«፭» ፈንታ «፲፪» አስገብታ ሞከረች፤ `isdigit` ዞሮ `False` አለ። ዩኒኮድ ፲ን የሚያውቀው ዋጋው አሥር የሆነ ምልክት አድርጎ እንጂ አሃዝ አድርጎ አይደለም። ስለዚህ አሥራ ሁለት ወር ከፍለው በግእዝ የተመዘገቡ አባላት ካሉ፣ ፕሮግራሙ ምንም ሳይጮህ ዘሏቸዋል። የሚጮኸው ከአሥር በታች የሆነው ብቻ ነበር።

መፍትሔው ምልክትን በምልክት መተካት አይሆንም። ፲፪ን ለማንበብ አሥርና ሁለት ይደመራሉ፤ ፪፻ን ለማንበብ ግን ሁለት በመቶ ይባዛል። ልጅቷ ይህን የሚያነብ ለብቻው የቆመ ተግባር ጻፈች፤ የማይገባው ነገር ሲያጋጥመውም መስመሩን ከመዝለል ይልቅ የመስመሩን ቁጥር ተናግሮ እንዲቆም አደረገችው። ከዚያ በፊት የተደመሩትን ወራት ደግሞ ከገንዘብ ያዡ ጋር ተቀምጣ እንደገና ማስላት ነበረባት።