የእህል መግዣ ዋጋ ሲወጣ በመዝገብ የሚታየው ትርፍ

አንድ ዓይነት ጤፍ በጆንያ ሆኖ በመጋዘን በተደረደረ ጊዜ፥ የተሸጠው ኩንታል በስንት ብር የተገዛ እንደ ነበረ የሚወስነው መዝገብ ያዡ የሚከተለው ሥርዓት ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል፤ አንደኛው ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል የሚባለው፥ ሁለተኛው የተመዘነ አማካይ ዋጋ ነው። በኋላ የገባው ቀድሞ ይወጣል የሚለው አይፈቀድም።

ለምሳሌ በልደታ መጋዘን ያለው አንድ የንግድ ማኅበር አስቀድሞ 200 ኩንታል ጤፍ በ10,000 ብር፥ ዋጋው ከወጣ በኋላ ደግሞ 100 ኩንታል በ13,000 ብር ገዛ እንበል። ከዚህ በኋላ 200 ኩንታል በ14,000 ብር ሸጦ 2,800,000 ብር ተቀበለ።

በመጀመሪያው ሥርዓት የተሸጠው ሁሉ ከፊተኛው ግዢ እንደ ወጣ ስለሚቆጠር ወጪው 2,000,000፥ ትርፉ 800,000 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ግን ጠቅላላው መግዣ 3,300,000 ብር ለ300 ኩንታል ይካፈልና አንዱ 11,000 ብር ይወጣዋል፤ ወጪው 2,200,000፥ ትርፉ 600,000 ብር ነው። ሁለቱን ዋጋ ብቻ ደምሮ ለሁለት በመክፈል 11,500 ብር የሚያወጣ ጸሓፊ ብዛቱን አልመዘነምና ስሕተት ነው።

የ200,000 ብሩ ልዩነት በሣጥን የለም፤ በመጋዘን በቀረው 100 ኩንታል ግምት ላይ ነው ያለው። ይኸው ጤፍ በአንደኛው 1,300,000፥ በሌላው 1,100,000 ብር ተጽፏል። በሚመጣው ዓመት ሌላ ሳይገዛ ይህ በዚያው በ14,000 ብር ቢሸጥ የሁለቱ ድምር ትርፍ እኩል 900,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን ዋጋው እየወጣ መጋዘኑም እየተሞላ ከሄደ የመካካሻው ጊዜ አይደርስም።

ጉዳቱ የሚታየው ግብር ሲከፈል ነው። ሌላውን ወጪ ትተን፥ ከማኅበር ትርፍ 30 በመቶ ቢወሰድ በፊተኛው ሥርዓት 240,000 ብር ይከፈልና 2,560,000 ብር ይቀራል። የተሸጠውን 200 ኩንታል በ13,000 ብር ለመተካት ግን 2,600,000 ብር ያስፈልጋል፤ እንግዲህ ባለ ብዙ ትርፍ የተባለው ማኅበር፥ ለባለ ድርሻዎቹ አንዳች ሳያካፍል፥ መጋዘኑን እንደ ቀድሞው ሊሞላ አይችልም። በአማካዩ ግብሩ 180,000 ስለሆነ 2,620,000 ብር ይቀረዋል፤ ይህም ቢሆን ትርፉ 20,000 ብር ብቻ ነው። ሁለቱም ሥርዓት ሕጋዊ ሲሆን፥ በፊተኛው የቀረው እህል ግምት ለዛሬው ገበያ የቀረበ ነው፤ የትርፉ ቁጥር ግን ይበልጥ ያታልላል።

ሒሳብ የሚመረምር ሹም የቀረውን እህል ግምት ለኩንታሉ ብዛት አካፍሎ ከመጨረሻው የግዢ ደረሰኝ ጋር ያስተያየው። ዋጋው እየወጣ ሳለ የቀረው እህል ከመጨረሻው ግዢ ብዛት ካልበለጠ፥ እኩል ከሆነ ፊተኛው ሥርዓት ነው፤ ዝቅ ካለ አማካዩ ነው። ትርፉ ከአምናው በድንገት ካደገ ደግሞ አስቀድሞ የተሸጠው ኩንታል ጨምሮ እንደ ሆነ፥ ወይም ሥርዓቱ ተለውጦ እንደ ሆነ ይጠይቅ።