በከበሮው መሃል ላይ የሚሰናከለው እኩልዮሽ

ክብ የከበሮ ቆዳ ሲመታ የሚርገበገብበትን መንገድ የሚገልጸው ዲፈረንሻል እኩልዮሽ በቆዳው ላይ በየትኛውም ቦታ ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚሰናከለው ልክ መሃሉ ላይ ብቻ ነው። እኩልዮሹ በፍሪድሪክ ቤሰል ስም ይጠራል። ቤሰል የኮኒግስበርግ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ የከበሮውን ጥያቄ ግን ከእሱ ቀደም ብሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር አንስቶታል። መልኩም ይህ ነው፦

x²y″ + xy′ + (x² − p²)y = 0

እዚህ ላይ x ከቆዳው መሃል ያለው ርቀት፣ y ደግሞ ቆዳው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የተነሣበት መጠን ነው። p በመሃሉ ዙሪያ ሲዞሩ ንዝረቱ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይናገራል፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ለሆነ ንዝረት p = 0 ነው። ክፍልፋይ p የሚወጣባቸው ሌሎች የፊዚክስ ጥያቄዎችም አሉ።

እኩልዮሹ በሙሉ ለ x² ቢካፈል ከ y′ ፊት 1/x፣ ከ y ፊት ደግሞ 1 − p²/x² ይቀራል። x ዜሮ ሲሆን ሁለቱም ትርጉም ያጣሉ፤ እንዲህ ያለው ቦታ ሲንጉላር ነጥብ ይባላል። ይሁን እንጂ ብልሽቱ ልክ አለው። የመጀመሪያው በ x፣ ሁለተኛው በ x² ቢባዛ ችግሩ ይጠፋል። ብልሽቱ ከዚህ ካላለፈ ነጥቡ ሬጉላር ሲንጉላር ነጥብ ነው፤ ፈቺው ተስፋ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተለመደው የአፈታት ዘዴ መፍትሔውን እንደ a₀ + a₁x + a₂x² + … ባለ ማለቂያ የሌለው ድምር መጻፍና ኮኤፊሸንቶቹን አንድ በአንድ መፈለግ ነው። p = 1/2 ሆኖ ይህ ቢሞከር እያንዳንዱ ኮኤፊሸንት ዜሮ ይወጣል፤ የሚገኘውም y = 0 የሚለው ምንም የማይናገር መልስ ብቻ ነው። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ እውነተኛው መፍትሔ በድፍን ቁጥር አርቢዎች ሊጻፍ ስለማይችል ነው። ስለዚህ ድምሩ የሚጀምርበት አርቢ ራሱ ያልታወቀ ቁጥር መሆን አለበት። ጀርመናዊው ላዛሩስ ፉክስ በ1866 እንዲህ ያሉትን ነጥቦች አጥንቶ ነበር፤ በ1873 ደግሞ ጌኦርግ ፍሮቤኒዩስ አጠር ያለውንና ዛሬም የሚሠራበትን መንገድ አቀረበ፦

y = xʳ(a₀ + a₁x + a₂x² + …)፣ a₀ ≠ 0

a₀ ዜሮ አይሁን ማለት r በእርግጥ የመጀመሪያው አርቢ ይሁን ማለት ነው። ይህ ድምር በቤሰል እኩልዮሽ ውስጥ ሲገባ ዝቅተኛው አርቢ ያለበት ቦታ (r² − p²)a₀ = 0 ይሰጣል። a₀ ዜሮ ስላልሆነ የግድ r² − p² = 0 ይሆናል። ይህ ኢንዲሻል እኩልዮሽ ነው፤ ስሮቹም p እና −p ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ኮኤፊሸንቶች እያንዳንዳቸው ከሁለት እርምጃ በፊት ካለው ይወለዳሉ፦

[(r + n)² − p²] aₙ = −aₙ₋₂

የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚወሰነው በቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር ዜሮ ይሆናል ወይስ አይሆንም በሚለው ነው። ትልቁ ስር፣ ማለትም r = p፣ ሲወሰድ ቅንፉ n(n + 2p) ስለሚሆን ፈጽሞ ዜሮ አይሆንም። በዚህም ምክንያት ሥራው ሁልጊዜ ከትልቁ ስር መጀመር አለበት፤ እሱ አንድ መፍትሔ ሳይሰጥ አይቀርም። ሁለተኛ ደረጃ እኩልዮሽ ግን ሁለት የተለያዩ መፍትሔዎች ይፈልጋል፤ ችግሩም የሚመጣው ሁለተኛው ሲፈለግ ነው።

በስሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ድፍን ቁጥር ካልሆነ ምንም ችግር የለም። p = 1/3 ቢሆን ልዩነቱ 2/3 ነው። ከትልቁ ስር a₂ = −3a₀/16፣ ከትንሹ ስር ደግሞ a₂ = −3a₀/8 ይገኛል፤ ሁለቱም ድምሮች ሳይደናቀፉ ይቀጥላሉ።

p = 0 ሲሆን ሁለቱ ስሮች አንድ ይሆናሉ። የሚገኘው አንዱ መፍትሔ፣ J₀ የሚባለው፣ ይህ ነው፦

J₀ = 1 − x²/4 + x⁴/64 − x⁶/2304 + …

ሁለተኛውን ለማግኘት ፍሮቤኒዩስ ያደረገው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። r ወዲያው 0 ተብሎ አይተካም፤ ለጊዜው ነፃ ሆኖ ይቆያል። ኮኤፊሸንቶቹ በ r ሲጻፉ ድምሩ እኩልዮሹን ሙሉ በሙሉ አያሟላም፤ በስተቀኝ በኩል r²xʳ የሚል ትርፍ ይተርፋል። ነገር ግን r² በ r ዲሪቬቲቩ ሲወሰድም r = 0 ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ የድምሩ በ r የተወሰደ ዲሪቬቲቭ ራሱ ሌላ መፍትሔ ይሆናል። የ xʳ ዲሪቬቲቭ በ r ሲወሰድ xʳ ln x ነው፤ ሎጋሪዝሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮኤፊሸንቶቹም አብረው ይለወጣሉ። ለምሳሌ a₂ = −1/(r + 2)² ስለሆነ ዲሪቬቲቩ 2/(r + 2)³፣ r = 0 ላይም 1/4 ነው። ውጤቱ፦

y₂ = J₀ ln x + x²/4 − 3x⁴/128 + …

ስሮቹ እኩል ከሆኑ ሎጋሪዝም አይቀሬ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ስሮቹ በድፍን ቁጥር ሲለያዩ ነው። p = 1 ሆኖ ከትንሹ ስር r = −1 ቢጀመር ቅንፉ n(n − 2) ይሆናል። n = 2 ላይ ሲደረስ 0·a₂ = −a₀ የሚል የማይቻል ነገር ይገኛል፤ a₀ ዜሮ አይደለምና። ድምሩ እዚያው ይቆማል፤ ሎጋሪዝም ያለበት ሁለተኛ መፍትሔ መፈለግ ግድ ይሆናል። p = 1/2 ሲሆንም የስሮቹ ልዩነት ድፍን ቁጥር 1 ነው። ነገር ግን n = 1 ላይ የሚገኘው 0·a₁ = 0 ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም አይከለክልም። a₁ እንደተፈለገ ይመረጣል፤ ድምሮቹም cos x/√x እና sin x/√x የተባሉ ንጹሕ መፍትሔዎች ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ «ልዩነቱ ድፍን ቁጥር ነውና ሎጋሪዝም አለ» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ቅንፉ ዜሮ የሚሆንበት እርምጃ ድረስ ሄዶ በቀኝ በኩል የቀረው ዜሮ መሆን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ብልሽቱ ከልኩ ሲያልፍ ዘዴው ራሱ ይከዳል። x²y″ + (3x − 1)y′ + y = 0 በሚለው እኩልዮሽ ለ x² ከተካፈለ በኋላ ከ y′ ፊት 1/x² ይገኛል። ኢንዲሻል እኩልዮሹ ሁለት ስር መስጠት ሲገባው r = 0 የሚል አንድ ብቻ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት ይህ ነው። ኮኤፊሸንቶቹ ደግሞ 1፣ 1፣ 2፣ 6፣ 24፣ 120 እያሉ ያድጋሉ። ድምሩ በወረቀት ላይ ትክክል ቢመስልም ከ x = 0 በቀር የትም ቦታ ወደ አንድ ቁጥር አይጠጋም።

ወደ ከበሮው ሲመለሱ ምርጫው ቀላል ነው። ln x ወደ መሃሉ ሲቀርብ ያለ ገደብ ስለሚወርድና ቆዳው ግን እንዲያ ሊጎደጉድ ስለማይችል ሁለተኛው መፍትሔ ይጣላል፤ J₀ ብቻ ይቀራል። የቆዳው ጠርዝ ስለማይንቀሳቀስ J₀ ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች ድምፁን ይወስናሉ። x = 2.4 ላይ ከላይ የተጻፉት አራት አባላት ሲደመሩ −0.0045 ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ዜሮ በእርግጥም 2.405 አካባቢ ነው። ሁለተኛው 5.520 ላይ ይገኛል። የሁለቱ ንጽጽር 2.295 ያህል እንጂ ድፍን ቁጥር አይደለም፤ የከበሮ ድምፅ እንደ ክራር ጅማት ድምፅ ጥርት ያለ ቃና የማይኖረው ስለዚህ ነው። ቆዳው መሃሉ ተቆርጦ እንደ ቀለበት ቢወጠር ግን x = 0 ከቆዳው ውጭ ስለሚሆን የተጣለው የሎጋሪዝም መፍትሔ ተመልሶ ይገባል፤ ሁለቱን ጠርዞች ለማሟላት ሁለቱም መፍትሔዎች ያስፈልጋሉ።