አንድ ካሳ፣ ሦስት ስም

መካከለኛ የሚባል ሚኒ ማርኬት እናስብ። አንድ ካሳ አለው፤ ካሳው ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ ከሥሩም አንድ የብር መሳቢያ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት አንዲት ካሸር፣ ከ8 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሌላ ካሸር ይሠራሉ። ዕቃ የሚደረድረው ልጅ ደግሞ ካሸሮቹ ምሳ ሲወጡ ለግማሽ ሰዓት ይተካቸዋል። የሽያጭ ሲስተሙን የሚከፍቱት ሁሉም በአንድ ስም፣ `cashier` ብለው ነው። ፓስወርዱ በእስክሪብቶ ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በስኮች ተለጥፏል። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ብር ከጎደለ ጉድለቱ ለሦስት ይካፈላል።

ባለቤቱ ይህን አሠራር ሊለውጥ ፈልጎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ አስከፈተ እንበል። ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ደብዳቤ መጻፍ ነው። የሲስተሙ ባለሙያ ስሞቹን መዝግቦ ለመጨረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ሠራተኞቹ ግን ጠዋት መጥተው አዲስ ስክሪን ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣባቸው ሐሳብ «ተጠርጥረናል» የሚል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ቀድሞ መድረስ አለበት። እንዲህ ቢጻፍ መልካም ነው፦

«ለሱቃችን ሠራተኞች በሙሉ፣

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የሽያጭ ሲስተሙን እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ስም ትከፍታላችሁ። `cashier` የሚለው የጋራ መግቢያ እሑድ ማታ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ይዘጋል። ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚመጣው የመጀመሪያው ስክሪን አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሽያጭ ፕሮግራሙ መግቢያ ነው። የታክስ ደረሰኝ አቆራረጣችንም እንደነበረው ይቀጥላል።

ይህን ያደረግሁት ማንንም ስለጠረጠርኩ አይደለም። እስከ ዛሬ ብር ሲጎድል ለሁላችሁም ስናካፍል ኖረናል፤ ያላጠፋ ሰው ሲከፍል እንደነበር አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጉድለት አይካፈልም።

ሲስተሙ የሚመዘግበው የሸጣችሁትን፣ የሰረዛችሁትን፣ ቅናሽ ያደረጋችሁበትን እና የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ነው። መዝገቡን የማየው እኔና የሂሳብ ሠራተኛችን ብቻ ነን። ጥያቄ ሲነሳ የሚመለከተው ሰው አብሮን ተቀምጦ ያየዋል።

ፓስወርዳችሁን እኔም አላውቀውም፣ አልጠይቃችሁምም። እኔም በራሴ ስም እገባለሁ። ከመሳቢያው ለዳቦ ወይም ለተላላኪ ብር ሳወጣ በስሜ ወጪ አስመዘግባለሁ።

ከካሳው ስትነሱ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ስክሪኑን ቆልፉ። የምትተኩት ሰው በራሱ ስም ይግባ።

ከሰላምታ ጋር፣ የሱቁ ባለቤት»

ደብዳቤው ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ቀላል የሚመስሉት ዓረፍተ ነገሮች ግን የገቡበት ምክንያት አላቸው።

የመጀመሪያው የትኛው ስክሪን እንደሚለወጥ መናገሩ ነው። ካሳ ላይ ያለ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በር አለው። አንደኛው ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው የዊንዶውስ መግቢያ ነው፤ ሁለተኛው የሽያጭ ፕሮግራሙ የራሱ መግቢያ። ለሦስት ካሸር ሦስት የዊንዶውስ መግቢያ መክፈት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰልፍ እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየሩ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንድ ፕሮግራምም በሁለት መግቢያ በአንዴ ሲከፈት ያስቸግራል። ሽያጩን በስም የሚመዘግበው የፕሮግራሙ መግቢያ ስለሆነ ለሱቅ የሚበጀው እሱን በየስሙ መለየት ነው። ዊንዶውሱ በአንድ መግቢያ ሊቆይ ይችላል፤ ያ መግቢያ ግን ፕሮግራም መጫንና ሰዓት መለወጥ የማይችል፣ ተራ ተጠቃሚ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። የኮምፒውተሩን ሰዓት ማንም እንደፈለገ የሚለውጥ ከሆነ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰዓት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው «ፓስወርዳችሁን እኔም አላውቀውም» የሚለው ነው። ብዙ ባለሱቆች የሁሉንም ፓስወርድ በአንድ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ከሆነ አንድ ሽያጭ በካሸሯ ስም ቢገኝ ካሸሯ «ባለቤቱም በስሜ መግባት ይችላል» ብትል እውነቷን ነው፤ መዝገቡም ማስረጃነቱን ያጣል። ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ጊዜያዊ ፓስወርድ መስጠትና መጀመሪያ ሲገባ እንዲለውጠው ማድረግ ነው። የረሳ ሰው አዲስ ጊዜያዊ ይሰጠዋል፤ የቀድሞውን ማንም አያነብለትም። ካሳ ፊት ለፊት ደንበኛ ስለሚቆምና ጣት ስለሚታይ `1234`፣ የልደት ዓመት ወይም የስልክ ቁጥር መጨረሻ አይሆንም።

እዚህ ላይ የእኛን ሱቆች የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ተጭኖ ከሆነ ካሸሯ ፓስወርዷን በትክክል እየነካችም ሲስተሙ «ተሳስተሻል» ሊላት ይችላል። ቁልፎቹ የሚያወጡት የግዕዝ ፊደል ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ ስህተቱ አይታይም። መለያው ቀላል ነው፦ የተጠቃሚው ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ ጻፉ፣ ምን ፊደል እንደሚወጣ እዩ፣ ከዚያ ወደ ፓስወርዱ እለፉ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ከተዘጋበት «በጓደኛዬ ስም ልግባ» ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ማክሰኞ 8 ሰዓት ላይ የጠዋቷ ካሸር ልታስረክብ ነው እንበል። መሳቢያው ጠዋት ሲከፈት 2,000 ብር የመልስ ዝርዝር ነበረው። ሲስተሙ እስከዚያ ሰዓት በጥሬ ገንዘብ 21,480 ብር ሽያጭ ያሳያል። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ 23,480 ብር መገኘት አለበት። ሲቆጠር 23,000 ነው። 480 ብር ጎድሏል።

በድሮው አሠራር ለእያንዳንዳቸው 160 ብር ደርሶ ነገሩ ያበቃ ነበር። አሁን ግን ባለቤቱ የጠዋቱን የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ዘርዝሮ ሲያይ ልክ 480 ብር የሆኑ ሁለት ሽያጮች ያገኛል። አንዱ 9:15 ላይ በጠዋቷ ካሸር ስም፣ ሌላው 12:50 ላይ በተኪው ልጅ ስም። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 12:50 ማለት በእኛ ከቀኑ 6፡50 ነው፤ የምሳ ሰዓት። ልጁ ሲጠየቅ ያስታውሳል፦ ደንበኛው ጥሬ ብር ሊከፍል ቦርሳውን አውጥቶ ነበር፣ ሲያንሰው በቴሌብር ከፈለ። ልጁ ግን «ጥሬ ገንዘብ» የሚለውን አስቀድሞ ነክቶ ነበር። የሱቁ ስልክ ሲታይ በዚያው ሰዓት 480 ብር የገባበት መልእክት አለ፤ በቴሌብር ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ግን አልተመዘገበም። ብሩ አልጠፋም። የአከፋፈሉ ዓይነት ይስተካከላል፣ ማንም አይከፍልም።

የስልኩን መልእክትና የሽያጩን ዝርዝር በማስተያየት ብቻ ይህን ያለ ስምም መድረስ ይቻል ነበር። ግን ለሦስት ማካፈል ቀላል ስለሆነ ማንም አይፈልገውም ነበር። ስሙ የጨመረው ነገር ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ማሳወቁ ነው፤ የተጠየቀውም ልጅ በሰዓታት ውስጥ ስለተጠየቀ አልረሳም። ሰዓቱ ላይ ስምምነት ከሌለ ግን ይሄም ይበላሻል። መዝገቡ 15:10 ሲል «በ3 ሰዓት እኔ አልነበርኩም» እና «በ9 ሰዓት ነበርሽ» መባባሉ ለብዙ ጭቅጭቅ በቂ ነው። ደብዳቤው ላይ ባይገባ እንኳ የሰዓቱን አቆጣጠር ካሳው አጠገብ መለጠፍ ይገባል።

ባለቤቶች ልብ የማይሉት ወሰንም አለ። መግቢያው የሚናገረው ሽያጩን ማን እንደመዘገበ ነው፤ መሳቢያው ውስጥ እጁን ማን እንዳስገባ አይናገርም። ከላይ ባለው ምሳሌ ጠዋት ሙሉ ካሸሯም ተኪውም የተጠቀሙት በአንድ መሳቢያ ነው። መልስ ሲሰጥ ተሳስቶ 100 ብር ተጨማሪ የሰጠው ማን እንደሆነ ከመዝገቡ አይገኝም። ይህን የሚፈታው ፓስወርድ ሳይሆን ቆጠራ ነው። ለተኪው የራሱ ዝርዝር ብር ያለው ተነቃይ የብር ሳጥን መስጠት ወይም ምሳ ሲወጣና ሲመለስ ሁለቱ አብረው ቆጥረው መፈራረም ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ «በስምሽ ነው የጎደለው» ማለት በደል ነው። ደብዳቤው ጉድለት አይካፈልም ብሎ ቃል ከገባ፣ ባለቤቱ ምንጩ ያልታወቀውን ጉድለት ራሱ ሊችለው ግድ ነው።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይገናኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲፈቀድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሠራተኞቹ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ቢፈርሙ ፊርማቸው «ደርሶኛል፣ አንብቤዋለሁ» የሚል እንጂ «የሚጎድለውን ሁሉ እከፍላለሁ» የሚል ትርጉም ሊሰጠው አይገባም፤ ይኸው ከፊርማው በላይ በግልጽ ይጻፍ።

አዲሱ አሠራር መያዝ አለመያዙ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል። ባለቤቱ የሳምንቱን ሽያጭ በካሸር ስም ከፋፍሎ ይይ። በምሳ ሰዓት በተኪው ልጅ ስም አንድም ሽያጭ ከሌለ ልጁ እየሠራ ያለው በካሸሯ ስም ነው፤ ስክሪኑ ሳይቆለፍ እየተተወ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲገኝ መጀመሪያ መታየት ያለበት መግባትና መውጣቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ነው። ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ሰልፍ እያለ ማንም አያደርገውም፤ ባለሙያው አጭር የቁጥር መግቢያ እንዲያደርግላቸው መጠየቅ ይሻላል። አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደግሞ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ፣ ግን አይሰረዝ። ከተሰረዘ በአንዳንድ ፕሮግራሞች የቀድሞ ሽያጮቹ ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ፤ ከወራት በኋላ ዕቃ የሚመልስ ደንበኛ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ማን እንደሸጠለት የሚነግር አይኖርም።