ተጨማሪ መረጃ፦ ለገቢ ጥናት ስንት ቤተሰብ ይበቃል?

«ስሕተቱ ከ500 ብር አይብለጥ» የሚል ግብ ለገቢ ጥናት እምብዛም አይመችም። አማካይ የወር ገቢ 3,000 ብር ከሆነ 500 ብር ትልቅ ስሕተት ነው፤ 30,000 ብር ከሆነ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ግቡን የአማካዩ መቶኛ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ያን ጊዜ ቀድመን ማወቅ ያለብን የልይይት ምጣኔን (CV) ብቻ ነው፤ ይህም መደበኛ ልይይቱ ለአማካዩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ናሙናው በቀላል ዕጣ ከብዙ ሕዝብ የሚወጣ ከሆነ፣ በ95 በመቶ አስተማማኝነት፦

n = (1.96 × CV ÷ r)²

r የምንፈቅደው አንጻራዊ ስሕተት ነው። CV 1.2፣ r ደግሞ 0.10 ቢሆን 554 ቤተሰብ ያስፈልጋል።

አደጋው ያለው CV ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። በ30 ቤተሰብ የሙከራ ጥናት ውስጥ ጥቂቶቹ ባለጸጎች ሳይገቡ ሊቀሩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት CV 0.8 ሆኖ ቢታይ ቀመሩ 246 ብቻ ይላል፤ ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከቀድሞ ትልቅ ጥናት የተገኘ CV ይመረጣል።

554ም ራሱ ላይበቃ ይችላል። 1.96 የሚሠራው የናሙና አማካዮች ስርጭት ወደ ኖርማል ሲጠጋ ነው። ዊልያም ኮክራን ወደ ቀኝ ለተዛነፈ መረጃ ያቀረበው መመዘኛ n > 25G² ነው፤ G የመዛነፉ መጠን ነው። ገቢው የሎግኖርማል ስርጭት ካለው፣ CV 1.2 ሲሆን G 5.3 ገደማ ይሆናል፤ ናሙናውም ከ700 በላይ መሆን አለበት።